ስድስት ጣት ያለው እውነተኛ ፎቶ

ጅማ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ማንሳት፣ የሠርግና የምረቃ አልበም ማዘጋጀት ነበር። አሁን ግን አንዳንዱ ደንበኛ የሚመጣው ሊነሳ ሳይሆን ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ «ይህ ፎቶ እውነተኛ ነው ወይስ የተሠራ?» ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሐሰት መሆኑን እንዳረጋግጥለት ብቻ ይፈልጋል። እኔን አዘውትሮ የሚያጋጥመኝ ግን ተቃራኒው ነው፦ ማንም እጁን ያላስገባበት፣ ከስልኩ እንደወጣ ያለ፣ ሲያዩት ግን የተቀነባበረ የሚመስል ፎቶ። ከእነዚህ መካከል አንዱን በዝርዝር እተርካለሁ፤ ተመሳሳይ ጭቅጭቅ ውስጥ የገባ ሰው የት የት ማየት እንዳለበት ያሳየዋል ብዬ ነው። ባለጉዳዮቹ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ትቻለሁ።

ነገሩ የባጃጅ ሽያጭ ነው። ወደ ጅረን በሚያወጣው መንገድ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሰው ባጃጃቸውን ለጎረቤታቸው ሸጡ። ቀብዱ በምስክር ፊት ተከፈለ። ቀሪው ግን በጥር ወር አንድ ምሽት በሻጩ ግቢ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ተሰጠ፤ ሊብሬውን በሳምንቱ እናዛውራለን ተባብለው ተለያዩ። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የገዢው የእህት ልጅ በስልኳ አንድ ፎቶ አንስታ ነበር። ሊብሬው ሳይዛወር ሻጩ ታመው አረፉ። ባለቤታቸው በዚያ ምሽት ለቅሶ ሄደው ቤት አልነበሩም፤ ወንድማቸው ደግሞ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ሁለቱም በቅን ልቦና «ቀሪው ገንዘብ ስለ መከፈሉ የምናውቀው ነገር የለም» አሉ። በገዢው እጅ ያለው ማስረጃ ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

ነገሩ በሽምግልና ተይዞ ስለነበር ሽማግሌዎቹ አስጠሩኝ። ከመሐላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ፎቶው ያለበትን ስልክ አቀበሉኝና «ልጄ፣ የሚያውቅ ይናገር ብለን ነው» አሉኝ። የሟቹ ወንድም ግን እስክናገር አልጠበቁም። በጣታቸው እየጠቆሙ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ገንዘቡን የሚሰጠው እጅ ስድስት ጣት አለው። የወንድማቸው ፊት እንደ ሕፃን የለሰለሰ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ግራ ጉንጫቸው ላይ የነበረው ጠባሳ የለም። ከኋላ በቆመው ባጃጅ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ በየትኛውም ቋንቋ አይነበብም። መሽቷል ይባላል፣ ሰማዩ ግን ሰማያዊ ነው። «ይህንን ሁሉ እያየሁ እውነት ነው ልበል?» አሉ። በዚያ ላይ ፎቶውን የሐሰት ምስል እለያለሁ ለሚል ድረ ገጽ ሰጥተውት፣ ሐሰት የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው የሚል መልስ አግኝተዋል።

ያስተዋሉት ሁሉ በፎቶው ላይ አለ። ዓይናቸው አልዋሸም። እኔ የለየሁት ምክንያቱን ነው።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ፎቶው በየት በየት አልፎ እንደመጣ ነው። ልጅቷ ለአጎቷ በቴሌግራም ላከች፤ አጎቷ ለሻጩ ቤተሰብ በቴሌግራም አስተላለፉ፤ ከዚያ አንድ ዘመድ ስክሪንሹት አንስቶ ለወንድምየው ላከ። እንግዲህ እኛ ስንከራከርበት የነበረው የፎቶው ፎቶ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያሳንሰዋል፣ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ፎቶው መቼና በምን እንደተነሳ የሚናገረውን መረጃም ይነቅለዋል። የስልኩ ፎቶ 4000 በ3000 ፒክስል ከነበረ፣ ከአሥር ነጥብ የደረሰው አንድ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ስክሪንሹቱ ደግሞ ከዚያም ከተረፈው ቀንሶ፣ ጊዜውን በራሱ ጊዜ ይተካል። እንዲህ ባለ ቅጂ ላይ «የተሠራ ነው» ማለትም «አልተሠራም» ማለትም አይቻልም። ወንድምየው ድረ ገጹን የጠየቁትም በዚሁ ቅጂ ነበር።

ደግነቱ ልጅቷ ፎቶውን ከስልኳ አላጠፋችውም። ስልኩን ይዛ እንድትመጣ አደረግን። በስልኩ የፎቶ ማውጫ ውስጥ ዝርዝሩን ስንከፍት ሰዓቱ 19:04 ይላል፤ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ። ጅማ በጥር ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አልፏል። የብርሃን ስሜቱ፣ ማለትም ISO የሚለው ቁጥር፣ 3200 ነው፤ ቀን ደጅ ላይ ቢሆን 100 ወይም ከዚያ በታች ይሆን ነበር። ስለዚህ ካሜራው ጨለማ ውስጥ እየታገለ እንደነበር ራሱ መስክሯል። ይህ መረጃ በኮምፒውተር ሊቀየር ስለሚችል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይህንንም ለሽማግሌዎቹ ተናግሬአለሁ። ከእሱ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ከዚያ ፎቶ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ልጅቷ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ያነሳቻቸው የቤት ፎቶዎች ከፊት፣ በዚያው ምሽት ያነሳችው የእራት ፎቶ ከኋላ አሉ፤ የፋይል ስሞቻቸው በቀንና በሰዓት ተራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። አንድ ፎቶ መፈብረክ ቀላል ነው፤ የአንድ ሙሉ ቀን ተራ ፎቶዎችን አስማምቶ መፈብረክ ግን ሌላ ድካም ነው።

ወደ ጣቱ እንምጣ፤ ሁሉም ሰው የሚጮኸው በእሱ ነው።

ስልክ በጨለማ ናይት ሞድ ውስጥ ሲገባ አንድ ፎቶ አያነሳም። አንዴ ስንጫነው በተከታታይ ብዙ ፎቶዎችን አንስቶ፣ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ፣ አማካያቸውን ያወጣል። ጉግል በ2018 የራሱን የሌሊት ፎቶ አሠራር ሲያስተዋውቅ መሐንዲሶቹ በዝርዝር እንደገለጹት፣ ስልኩ በእጅ ሲያዝ እስከ 15 ፎቶዎች፣ በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሲቆም ደግሞ እያንዳንዳቸው እስከ 1 ሰከንድ የሚወስዱ 6 ፎቶዎች ይደረባሉ። ሌሎች አምራቾች ቁጥሩን ይለያዩት እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ምክንያቱም በጨለማ የተነሳ አንድ ፎቶ በጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ የተሞላ ነው፤ ነጠብጣቡ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቦታውን ስለሚቀያይር ብዙዎቹ ሲደረቡ ይጠፋፋል፣ ትክክለኛው ምስል ግን ባለበት ይጸናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ነገሩ ካልተንቀሳቀሰ ነው። የግቢው አጥር፣ ጠረጴዛው፣ ባጃጁ በሁሉም ፎቶዎች ላይ አንድ ቦታ ናቸው። ገንዘብ የሚሰጥ እጅ ግን አይቆምም። በመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች እጁ ወደ ኋላ ነበር፣ በመጨረሻዎቹ ትንሽ ወደ ፊት ሄዷል። ስልኩ ምስሉን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን ካሬ ከሌላው ፎቶ ጋር ሊያስማማ ይሞክራል፤ ያልተስማማውን ሊጥለው ይገባል። ብርሃኑ ሲያንስ ግን የእጅን ጥላና ጣትን መለየት ያቅተዋል፤ አንዱን ካሬ ከመጀመሪያው ፎቶ፣ ጎረቤቱን ከመጨረሻው ወስዶ ይሰፋቸዋል። ሌባ ጣት ሁለት ጊዜ ይታያል። አንዳንዴም ሁለት ጣቶች ተዋህደው አንድ ወፍራም ጣት ይሆናሉ፣ ወይም ክንድ ከእጅጌው ጫፍ ላይ ይቋረጣል።

በልጅቷ ስልክ ላይ ኦሪጅናሉን አጉልቼ ለወንድምየው አሳየኋቸው። ስድስተኛው ጣት ከአምስቱ ይለያል፤ ስስ ነው፣ በውስጡ የ200 ብር ኖቱ ሐምራዊ ቀለም ያሳልፋል። ጥፍሩ ከጎኑ ካለው ጣት ጥፍር ጋር በቅርጽም በዘንበልታም አንድ ነው፣ ከእሱ የተቀዳ እስኪመስል ድረስ። የተንሸራተተበት አቅጣጫም እጁ ከሚሄድበት ጋር ይገጥማል፣ ከሰጪው ወደ ተቀባዩ። በስክሪንሹቱ ላይ ይህ ሁሉ ተጨፍልቆ ስለነበር ደንዳና ስድስተኛ ጣት ብቻ ነው የሚታየው። እጁ የተደገፈበት የጠረጴዛ ጠርዝ ግን ምንም አልሆነም፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሁለት የሻይ ብርጭቆዎችም ሙሉ ናቸው፤ አንዱ ሥር የቀረው የሻይ ቅጠል እንኳ ይለያል።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው ይህንን ነው፦ ስሕተቱ የተንቀሳቀሰውን ብቻ ነው የተከተለው ወይስ የቆመውንም ነካ? ናይት ሞድ የሚያበላሸው እጅን፣ ዘወር ያለ ፊትን፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ቅጠልን፣ የሚሮጥ ሕፃንን ነው። በኮምፒውተር የተፈበረከ ምስል እንዲህ ያለ ምርጫ የለውም፤ ስሕተት ሲሠራ የወንበር እግር ከአየር ላይ ሊያበቅል፣ የብርጭቆ አፍ ሊያጣምም፣ አጥሩን ከመሐል ሊያቋርጥ ይችላል። መለያው ፍጹም አይደለም። አዲሶቹ መሣሪያዎች የጣትን ቁጥር እያስተካከሉ መጥተዋል፤ እንግዲህ ጣት መቁጠር ከዚህ በኋላ ለሁለቱም ወገን ደካማ ክርክር ነው። ቢሆንም የተንቀሳቀሰውንና የቆመውን ለይቶ ማየት እስካሁን ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል።

የሟቹ ፊት ከጣቱ ይልቅ ከባድ ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ፎቶውን ሲያዩ «ይህ የእሱ መልክ አይደለም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጠባሳው የለም፣ የግንባራቸው መስመር የለም፣ አገጫቸው ቀጥኗል። በሌላ በኩል ከጎን የሚታዩት ገዢው ሽበታቸውም ሽብሽባቸውም በቦታው ነው። አንድ ፎቶ ውስጥ አንዱ ሽማግሌ፣ ሌላው ወጣት ሲሆን ሰው «ጭንቅላቱን ከሌላ ቦታ አምጥተው ቀጠሉት» ቢል አይፈረድበትም።

ቆዳ በስልክ ፎቶ ላይ የሚለሰልሰው በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። የመጀመሪያው ነጠብጣብ ማጥፋት ነው። ስልኩ በጨለማ የተፈጠረውን ነጠብጣብ ሲጠርግ፣ ከነጠብጣብ የማይለያቸውን ጥቃቅን ነገሮችም አብሮ ይጠርጋል፤ የቆዳ ቀዳዳ፣ የጺም ሥር፣ የጨርቅ ክር ሁሉ ይሄዳል። ሁለተኛው ቢዩቲ የሚባለው ነው፤ ይህ ፊት ፈልጎ አግኝቶ፣ ቆዳውን ብቻ ሆን ብሎ ይለሰልሳል፣ እንደ ስልኩ ዓይነትም ዓይን ያሰፋል፣ አገጭ ያቀጥናል። በብዙ ስልኮች ላይ ከፋብሪካው ተከፍቶ ይመጣል። አንዴ ለራስ ፎቶ የተስተካከለው መጠንም በአንዳንዶቹ ላይ ሳይጠፋ ስለሚቆይ፣ ባለቤቱ ሳያስበው ሌላ ሰው ሲያነሳም ይሠራል።

ሁለቱን ለመለየት ፊቱን ትቶ ልብሱን ማየት ነው። ነጠብጣብ ማጥፋት ልብስንም ቆዳንም እኩል ይጠርጋል። ቢዩቲ ግን ልብስ አይነካም። ሟቹ ጋቢ ለብሰው ነበር፤ ትከሻቸው ላይ የጋቢው ሽመና ክር በክር ይታያል፣ ከዚያ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ያለው አንገትና ጉንጭ ግን ሰም እንደተቀባ ነው። በዚያ ብርሃን ካሜራው የጋቢ ክር ከያዘ ጠባሳም መያዝ ይችል ነበር። ጠባሳውን ያጠፋው ጨለማው ሳይሆን ቢዩቲው ነው ማለት ነው። የገዢው ፊት ለምን ሳይነካ ቀረ ለሚለውም መልሱ ከዚሁ ይመጣል፤ በጎን ቆመው ስለነበር ስልኩ ፊት መሆኑን አላወቀውም። ወደ ካሜራው ዞረው ቢሆን ኖሮ እሳቸውም ወደ ወጣትነታቸው ይመለሱ ነበር።

የቀጠነው አገጭ ደግሞ ከኋላ ባለው ቆርቆሮ ተጋለጠ። ቢዩቲ ፊት የሚያቀጥነው ምስሉን እንደ ላስቲክ ወደ ውስጥ በመሳብ ነው፤ ሲስብ ደግሞ ፊቱ ዙሪያ ያለውን ነገር አብሮ ይጎትታል። ግቢው የታጠረው በቆርቆሮ ስለነበር ከሟቹ ራስ ጀርባ የቆርቆሮው ቀጥ ያሉ ሸንተረሮች ይታያሉ። ከግንባራቸው በላይና ከትከሻቸው ጎን ሸንተረሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። በመንጋጋቸው አጠገብ ግን ሁለቱ ሸንተረሮች በግራም በቀኝም ወደ ፊታቸው ጎብጠዋል። ከሌላ ፎቶ የተቆረጠ ጭንቅላት ቢለጠፍ ኖሮ ቆርቆሮው ባልጎበጠ፣ ወይም ፊቱ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ በቆመ ነበር። በእኛ አገር ግቢዎች ቆርቆሮ የማይታጣ መሆኑ ለዚህ ሥራ መልካም ዕድል ነው፤ የበር መቃንና የመስኮት ፍርግርግም ያገለግላሉ።

የባጃጁ ጽሑፍ ብዙ አላደከመኝም። በአማርኛ ፊደል ለን ከሉ የሚለየው ከጎን የምትወጣ አንዲት ጭረት፣ ሉን ከሊ የሚለየው ደግሞ የጭረቷ ቦታ ነው። ነጠብጣብ ሲጠረግ መጀመሪያ የምትሄደው ያቺ ጭረት ናት። ከዚያ ስልኩ ምስሉ ጥርት እንዲል ብሎ የቀረውን ጠርዝ ያጠቁረዋል፤ ቴሌግራም ደግሞ ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይጨምቀዋል። ሲያበቃ ፊደል የሚመስል፣ ግን ከፊደል ገበታ ላይ የሌለ ነገር ይቀራል። በኦሪጅናሉ ላይም ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አልተነበበም። ታርጋው ላይ ያለው «ኦሮ» እና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ግን ተለይተዋል፤ ከሊብሬው ጋር አመሳከርናቸው፣ ገጠሙ። የቀሩትን ቁጥሮች ማንበብ አልቻልኩም፤ ገምቼም አልሞላሁም። አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ ምስል አጥሪ ነኝ በሚል ፕሮግራም ያሳልፈዋል። ያ ፕሮግራም ጠፍቶ የነበረን ቁጥር አያወጣም፤ ይመስላል ያለውን ይስላል። ማስረጃ ሊሆን የሚችለውን ፎቶ በገዛ እጅ ሐሰተኛ ማድረግ ይሉሃል ይኼ ነው።

ሰማዩ ሰማያዊ የሆነውም በዚያው በመደረብ ነው። ዓይናችን ጨለማ ያለው ሰማይ ላይ ጥቂት ብርሃን ነበር፤ ስልኩ አጠራቀመው። የቤቱ አምፖል የፈጠረውን ጥላም ስላሳሳው ሰዎቹ ጥላ የሌላቸው መሰሉ።

ይህንን ሁሉ ስናገር ሽማግሌዎቹ በዝምታ ሰሙኝ፤ ሐጂ ግን «ልጄ፣ አፍህ ጥሩ ነው፤ እስቲ በዓይናችን አሳየን» አሉ። ልክ ናቸው። ከሁሉም ክርክር የሚበልጠው ያንኑ ስልክ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት አቁሞ መሞከር ነው። በማግስቱ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። ባጃጁ ያኔ በቆመበት ቆመ፤ ያው አምፖል በራ። ልጅቷ ምንም ቅንብር ሳትነካ፣ በዚያ ምሽት እንዳደረገችው እንድታነሳ ነገርኳት። በሟቹ ቦታ ሐጂ ራሳቸው ተቀመጡ፤ ገዢው ደግሞ የጋዜጣ ቁራጭ በገንዘብ ልክ አጥፈው አቀበሉ።

እጁ እየተንቀሳቀሰ ሲነሳ ጣት በዛ። በሁሉም ፎቶ ላይ እኩል አይደለም፤ አንዱ ላይ ሌባ ጣት ተደረበ፣ ሌላው ላይ አውራ ጣት ጠፋ፣ አንዳንዱ ላይም ደህና ወጣ። እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ሳይነቃነቁ ሲነሱ ግን አምስት ጣት ሆነ። ሐጂ የራሳቸውን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው መጣ፤ ሰማንያ የተጠጋው ፊታቸው መስመር አልባ ሆኗል። «ይኼማ እኔ ሳልሆን የበኩር ልጄ ነው» አሉ። ከዚያ የካሜራውን ቅንብር ከፍተን Beauty የሚለውን ስናይ ከግማሽ በላይ ተጎትቶ ተቀምጧል። ወደ 0 መለስኩትና ልጅቷ ደግማ አነሳች፤ ሽብሽባቸው ከነጺማቸው ተመለሰ፣ ከኋላቸው የጎበጠው ቆርቆሮም ቀጥ አለ። ወንድምየው ስልኩን ተቀብለው ሁለቱን ፎቶዎች እየቀያየሩ ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ያንን ድረ ገጽ ከፍተው ዓይናቸው እያየ የተነሳውን የሐጂን ፎቶ ሰጡት። እሱንም ተጠራጠረው። መለሳለስን የሐሰት ምልክት አድርጎ የሚወስድ መሣሪያ በቢዩቲ የለሰለሰን እውነተኛ ፊት ከዚህ የተሻለ ሊያውቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወሰን አለ፤ በዚያ ምሽትም ተናግሬዋለሁ። ስልክ ምስል ከማስተካከል አልፎ ያልነበረ ነገር የሚጨምርበት ጊዜ አለ። በ2023 አንድ ሰው የጨረቃን ፎቶ ሆን ብሎ አደብዝዞ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ካሳየ በኋላ፣ ከርቀት በሳምሰንግ ስልክ ዙም አድርጎ ሲያነሳው፣ በደበዘዘው ምስል ላይ ያልነበሩ የጨረቃ ጉድጓዶች በፎቶው ላይ ወጡ። ኩባንያውም ጨረቃን የሚያውቅ ፕሮግራም ዝርዝሩን እንደሚያጎላው አብራርቷል። ስለዚህ የሟቹ ፊት ከሩቅ በትልቅ ዙም ተነስቶ ቢሆን ኖሮ፣ ፎቶው እውነተኛ ቢሆንም በፊቱ ላይ ስላለው ጠባሳ ወይም ስለ ማንነቱ አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር። የእኛው ፎቶ ከሦስት ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ ያለ ዙም የተነሳ ነው።

ሌላው ወሰን ከስልክ ጋር አይገናኝም። ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች በዚያ ምሽት በዚያ ግቢ ነበሩ፣ የ200 ብር ኖቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ተላልፈዋል። ስንት እንደነበሩ ግን ፎቶው አይናገርም። እሽጉ በእጅ ተሸፍኗል፤ ከላይ ያለው ኖት ብቻ ነው የሚታየው። ገዢው በዚህ ቅር ተሰኝተውብኛል፤ ሙሉ ምስክርነት ጠብቀው ነበር። የማላየውን ግን አየሁ አልልም። ሽማግሌዎቹ የገንዘቡን መጠን በሌላ መንገድ ተከታተሉት፤ ገዢው በዚያው ቀን ከባንክ ያወጡበት ወረቀት ተገኘ፣ መጠኑም ከተዋዋሉበት ቀሪ ጋር ስለገጠመ እትዬ ሊብሬውን ለማዛወር ተስማሙ።

ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ፎቶ ሊያነሱ የሚያስቡ ሰዎች ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ እጃችሁን አሳርፋችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ካሜራው አዙራችሁ ተነሱ፤ ሲያቀባብሉ ማንሳት ለአልበም እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። ከማንሳታችሁ በፊት ቢዩቲውን ወደ 0 መልሱ፣ ፊልተር ካለ አጥፉ፣ ከተቻለ ናይት ሞዱን ዘግታችሁ ፍላሽ አብሩ። በፍላሽ የተነሳ ፎቶ መልክ አያሳምርም፤ ነገር ግን አንድ ቅጽበት ብቻ ስለሆነ እጅ አይደርብም። ከፎቶው ጎን የጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ አንሱ፤ ቀኑንና መጠኑን በአፋችሁ ተናገሩበት። ሁለተኛ ሰው በሌላ ስልክ ከሌላ ጎን ቢያነሳ ደግሞ ሁለት ስልኮች በአንድ ዓይነት ስሕተት አይሳሳቱም።

ኦሪጅናሉን ማስቀመጥ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸነፈው፤ ስልኩ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠፋው ፎቶ ነው። በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን File የሚለውን መርጣችሁ ላኩት፤ ያኔ መጠኑ ሳያንስ፣ መረጃውም ሳይነቀል ይሄዳል። ለራሳችሁም በዚያው መንገድ Saved Messages ውስጥ አስቀምጡት። ልጅቷ አሁን ያንን ፎቶ እንዲህ አስቀምጣዋለች፤ እትዬም ቅጂ ጠይቀው ነበር፣ ያለ ቢዩቲ የተነሳ የባለቤታቸውን ፎቶ ግን ከመታወቂያቸው ላይ አጉልቼ አተምኩላቸው።